ለእርጉዝና ለሚያጠቡ እናቶች ተጨማሪ ፕሮቲን፦ ከጎጃም ማጀት የቱን እንምረጥ?

በጎጃም ቤት አራስ ትከበራለች። ገንፎው በቅቤ ይቀርብላታል፣ ዶሮ ይታረድላታል፣ አቅም ያለው በግ ይጥላል። ከመውለዷ በፊት ግን እርጉዟ ከሁሉም ጋር ከአንድ ሌማት ትበላለች። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ለሌላው አቅርባ የተረፈውን ነው የምትቀምሰው። በፕሮቲን በኩል ካየነው ይህ አካሄድ ትልቁን ወቅት ይስታል። ሰውነት ከሁሉም የበለጠ ጭማሪ የሚፈልገው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈልገው ጭማሪ ከዚያ ያንሳል።

እዚህ ላይ የማነጻጽረው በቤታችን ያሉትን ምግቦች ነው። ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ግብጦ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ገንፎ፣ ድንች። የቱ ክፍተቱን ይሞላል? የቱ ሆድ ብቻ ይሞላል?

ጭማሪው ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በጋራ ያወጡት ስሌት አለ። በዚያ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ከማርገዟ በፊት 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን 42 ግራም ገደማ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ይህ መነሻዋ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጭማሪው 1 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ማቅለሽለሽ ምግብ ቢዘጋብሽ ስለ ፕሮቲን ብለሽ አትጨነቂ። በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት ወደ 10 ግራም ይጠጋል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በአንዴ 31 ግራም ይሆናል። ምክንያቱም የልጁ ሥጋ፣ የእንግዴ ልጁ፣ የማሕፀኑና የእናቲቱ ደም እድገት አብዛኛው የሚከማቸው ወደ መጨረሻው ነው። ልጁ ተወልዶ ጡት ሲጠባ ጭማሪው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 19 ግራም፣ ከዚያ በኋላ 13 ግራም ገደማ ነው።

ለዚህች 50 ኪሎ እናት ስንደምረው፣ በእርግዝናው ማብቂያ በቀን 73 ግራም፣ ስታጠባ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 61 ግራም ይሆናል።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። 31 ግራም ፕሮቲን ማለት 31 ግራም ሥጋ ወይም ሽሮ ማለት አይደለም። ከ100 ግራም የሽሮ ዱቄት ውስጥ ፕሮቲኑ 20 ግራም ገደማ ነው። የቀረው ስታርች፣ ቅባትና ሌላ ነገር ነው። የጤፍ ዱቄት ከሆነ ከ100 ግራሙ 10 ግራም ያህል ነው።

የአንድ ቀን ገበታ ሲቆጠር

ስምንት ወር የሞላት እናት እንውሰድ። አገሯ ሞጣ ወይም ቢቸና አካባቢ ይሁን። በአዘቦት ቀን የምትበላው እንዲህ ነው እንበል።

ጠዋት ግማሽ እንጀራ ፍርፍር። ከ100 ግራም ገደማ ዱቄት የሚወጣ መካከለኛ እንጀራ 10 ግራም ፕሮቲን አለው ብለን እንያዝ። ዱቄቱ ጤፍ ብቻ ሳይሆን ዳጉሳ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት ከሆነ ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁርሷ 5 ግራም ነው። ቡና ላይ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ፣ 40 ግራም ቢሆን፣ 4 ግራም። ምሳ አንድ ተኩል እንጀራ በቀጭን ሽሮ። እንጀራው 15 ግራም ይሰጣታል። ሽሮው ለእሷ የሚደርሳት ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ከሆነ 5 ግራም። ራት አንድ ተኩል እንጀራ በድንች ወጥ። እንጀራው 15፣ ድንቹ 4 ግራም።

ድምሩ 48 ግራም ነው። እርጉዝ ባትሆን ኖሮ ከሚያስፈልጋት 42 ግራም በላይ ነው፤ ምንም አልጎደለባትም። አሁን ግን 73 ያስፈልጋታል። ክፍተቱ 25 ግራም ነው።

ልብ በይ፣ ከ48ቱ 35 ግራም የመጣው ከእንጀራ ነው። እንጀራ በመጨመር ብቻ ክፍተቱን ልዝጋ ብትል ሁለት ተኩል እንጀራ በላዩ መጨመር አለባት። በስምንተኛው ወር ልጁ ጨጓራዋን ተጭኖ እያለ ይህ የሚሞከር አይደለም። ሌላም ችግር አለ። የጤፍም የስንዴም የበቆሎም ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ላይሲን ሲያንስ ሰውነት የቀረውን ፕሮቲን ለሥጋ ግንባታ በደንብ አይጠቀምበትም። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ላይሲን በብዛት አላቸው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ወጡ ላይ ነው። እንጀራው እንዳለ ይቆይ።

ቀላሉ ምርጫ፦ ሽሮውን ማወፈር

ከሁሉም በፊት የምመርጠው ይህን ነው። አዲስ ነገር አይገዛም፣ የማንንም ልማድ አይነካም። ለእሷ የሚደርሳት ሽሮ ከሁለት ተኩል ማንኪያ ወደ አምስት ከፍ ቢል 5 ግራም ትጨምራለች። ቀጭን ሽሮ ብዙ ሰው ለማብቃት የሚሠራ ነው፤ ይገባኛል። ቤተሰቡ ሰፊ ከሆነ ለእሷ ብቻ በትንሽ ድስት ወፈር አድርጎ መሥራት ይቻላል።

ቀጥሎ ያለው የራት ወጥ ነው። ድንች በአዊና በምዕራብ ጎጃም እንደ ልብ የሚገኝ ምግብ ነው፤ ሆድም ይይዛል። ግን 200 ግራም ድንች 4 ግራም ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው። በምትኩ ከ50 ግራም ምስር ወይም ክክ የተሠራ ወጥ 12 ግራም ይሰጣል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን እንኳ ድንቹ ለክክ ቦታውን ቢለቅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ድንቹን መተው ካልተፈለገ ክክ ጨምሮ አብሮ መሥራት ነው።

ቡና ላይ የሚቀርበውን ቆሎም መቀየር ይቻላል። ያው አንድ እፍኝ ገብስ 4 ግራም ሲሰጥ፣ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ 8 ግራም ይሰጣል። ለተጨናነቀ ሆድ ቆሎ ከንፍሮ ይሻላል። ንፍሮ ውኃ ስለያዘ 100 ግራም የተቀቀለ ባቄላ 7 ወይም 8 ግራም ፕሮቲን ነው ያለው። ጥርስሽ ቆሎ የማይችል ከሆነ ወይም ሆድ ድርቀት ካስቸገረሽ ግን ንፍሮው ይመረጣል። ባቄላውን ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ ውኃውን ደፍተሽ በአዲስ ውኃ ብትቀቅይው ሆድ መንፋቱም ይቀንሳል።

ግብጦ፦ ጠንካራው፣ ጥንቃቄ የሚፈልገው

ማቻከል፣ ሰከላ፣ ሜጫ የምትኖሪ ከሆነ ግብጦን ታውቂዋለሽ። ሌላው አገር ብዙም አያውቀውም። በፕሮቲን ግን ከጎጃም እህል የሚደርስበት የለም። ደረቁ ፍሬ ከመቶ 35 ገደማና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው። ተዘፍዝፎ የተዘጋጀው ደግሞ 100 ግራሙ 15 ግራም ገደማ ይሰጣል። ይህ ከባቄላ ንፍሮ እጥፍ ነው። ግማሽ መቶ ግራም፣ ማለትም አንድ እፍኝ፣ ወደ 7 ግራም ነው።

ችግሩ ምሬቱ ነው። ምሬቱ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አልካሎይድ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ነው የሚመረው። እናቶቻችን ቆልተው ወይም ቀቅለው፣ ከዚያ ብዙ ቀን በወራጅ ውኃ የሚዘፈዝፉት ይህን ለማውጣት ነው። አልካሎይዱ በውኃ ይሟሟል፤ ፕሮቲኑ ግን አብዛኛው ፍሬው ውስጥ ይቀራል። ቤት ውስጥ በዕቃ የምትዘፈዝፊ ከሆነ ውኃውን በየቀኑ ደጋግመሽ ቀይሪው። የተደፋው ውኃ ለከብትም ለዶሮም አይሰጥ።

መለኪያው ምላስ ነው። አንድ ፍሬ ልጣጩን አውጥተሽ አኝኪ። ትንሽ እንኳ ከመረረ ትፊውና ግብጦውን ወደ ውኃው መልሽው። በጨው ምሬቱን መሸፈን አይገባም። በደንብ ያልወጣለት ግብጦ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ያዞረዋል፣ ልቡም በፍጥነት ሊመታ ይችላል። እንዲህ ከተሰማሽ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ለእርጉዝ የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ቤትሽ በደንብ የሚያዘጋጅ ሰው ካለና ምሬቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ፣ አንድ እፍኝ ጥሩ ነው። ከገበያ በጥድፊያ ተዘጋጅቶ የመጣ፣ የሚመር ከሆነ ሽምብራው ይሻልሻል። የግብጦ አረቄ ደግሞ ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው፤ አልኮል ለእርጉዝ በማንኛውም መልኩ አይሆንም።

ጓያን በዚህ ምርጫ ውስጥ አላስገባውም። ፕሮቲኑ ከሽምብራ አያንስም፣ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለው። ያ ሽባነት አይመለስም። አልፎ አልፎ የተቀመሰ ጓያ ሰው አያሽመደምድም፤ በየቀኑ ለምንፈልገው ጭማሪ ግን አይመረጥም።

እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ

በፍስክ ቀን ሥራው ይቀላል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ 5 ግራም ብለን እንያዘው። ሁለት እንቁላል 10 ግራም። አንድ ብርጭቆ ወተት 7 ግራም። እነዚህ በሙሉ ሰውነት በቀላሉ የሚጠቀምባቸው ናቸው፤ ላይሲንም አይጎድላቸውም።

ገጠር ቤት ውስጥ እንቁላሉ ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ወተቱ ወደ መናጫው። እንቁላሉ ለጨውና ለሳሙና ገንዘብ ነው። ይህን በምክር ብቻ መለወጥ አይቻልም። ግን ለመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በቀን አንድ እንቁላል ለእሷ ቢቀር፣ ሌላው ቢሸጥ፣ ብዙ ቤት የሚችለው ይመስለኛል።

ወተቱ ሲናጥ ደግሞ ፕሮቲኑ የት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ቅቤው ውስጥ ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል፤ ቅባት ነው። ፕሮቲኑ የሚቀረው አሬራው ውስጥ ነው። አይብ ሲወጣ ደግሞ እዚያው ይከማቻል። 50 ግራም አይብ 7 ግራም ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ቅቤውን ሸጣችሁ አሬራውንና አይቡን ለእርጉዟ ካስቀራችሁ፣ በፕሮቲን በኩል ምንም አልተሸጠም።

ወተት ግን ሳይፈላ አይጠጣ። ያልፈላ ወተት የሚያስተላልፋቸው ብሩሴላን የመሰሉ ተህዋስያን ጽንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ። አሬራውም ካልፈላ ወተት የወጣ ከሆነ ያው ነው፤ አፍልቶ አይብ ማድረጉ ይሻላል። ጥሬ ሥጋም በዚህ ጊዜ ይቅር።

ወተት ብትጠጪ ልጁ ላይ ይለጠፋል የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ልጁ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር የልጁ ቆዳ ራሱ የሚያመነጨው መከላከያ ነው። እናቱ ከጠጣችው ወተት ጋር ግንኙነት የለውም።

ሁለት የተሞሉ ቀኖች

የዚያችን እናት 48 ግራም እንደ መነሻ ይዘን በሁለት መንገድ እንሙላው።

በፍስክ ቀን፦ ሁለት እንቁላል ስትጨምር 10፣ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት 7፣ ሽሮው ሲወፍር 5፣ የገብሱ ቆሎ በሽምብራ ሲተካ 4። ድምሩ 74 ግራም። ሞልቷል። ድንቹን እንኳ አልነካንም።

በጾም ቀን፦ ሽሮው ሲወፍር 5፣ ድንቹ በምስር ወይም በክክ ሲተካ 8 ተጨማሪ፣ የሽምብራ ቆሎው 4፣ አንድ ሳህን የባቄላ ንፍሮ 8። ድምሩ 73። በቁጥር ሞልቷል። ሆኖም የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን የተወሰነው ሳይፈጭ ስለሚወጣ ትንሽ ትርፍ ያስፈልጋል። አንድ እፍኝ ምሬቱ የወጣ ግብጦ ብትጨምር 80 ይደርሳል። ግብጦ ከሌለ ሌላ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ይተካዋል።

የጾሙ ቀን የሚከብደው በዓይነቱ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆየች፣ ይህን ሁሉ ጥራጥሬ በሁለት ገበታ ማስገባት አለባት። የተጨናነቀ ሆድ አይችለውም። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው፤ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከግማሽ በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የንስሐ አባትሽን ቀደም ብለሽ አማክሪ። ሙሉ ፍስክ ለመብላት ልብሽ ካልፈቀደ እንኳ ከጠዋት ጀምሮ የጾም ምግብ መብላት ትልቅ ለውጥ ነው። ከላይ ያለው 80 ግራም ለአራት አምስት ጊዜ ሲከፋፈል ያለ ችግር ይበላል።

ከወሊድ በኋላ

አራስ ቤት ሞልቶ ይታያል። ግን ሲቆጠር ይለያያል። ከ150 ግራም የገብስ ዱቄት የተሠራ ገንፎ 15 ግራም ፕሮቲን አለው። በላዩ የሚፈሰው ቅቤ ጉልበት ይሰጣል፤ ጉልበቱም ያስፈልጋታል፤ ፕሮቲን ግን አይጨምርም። ቀጭን አጥሚት በውኃ ከሆነ አንድ ብርጭቆው 2 ወይም 3 ግራም ነው። በወተት ሲሠራ ወደ 8 ወይም 9 ይደርሳል። የሥጋ መረቅም ቢሆን ጣዕሙን ያህል ፕሮቲን የለውም። ፕሮቲኑ ሥጋው ላይ ነው ያለው። 50 ግራም የበሰለ ሥጋ ወይም ዶሮ ከ12 ግራም በላይ ይሰጣል። መረቁን ለአራሷ ሰጥቶ ሥጋውን ለጠያቂ ማቅረብ ግልብጥ ያለ አሠራር ነው።

ዋናው ክፍተት የሚመጣው ግን ከክርስትና በኋላ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። ከዚያ ጠያቂው ያልቃል፣ ዶሮው ያልቃል፣ ጾሙም ይመለሳል። 19 ግራሙ ጭማሪ ግን እስከ ስድስት ወር ይቀጥላል። እናት ብትጎዳም የጡት ወተቷ ፕሮቲን ብዙም አይቀንስም። የሚከፍለው የራሷ ሥጋ ነው። ስለዚህ ልጁ ወፍሯል ማለት እሷ ደኅና ናት ማለት አይደለም። ከ48 ግራም ተነሥታ 61 ለመድረስ 13 ግራም ነው የጎደላት። ወፍራም ሽሮና ክክ ብቻ ይሞሉታል።

ስሌቱ የማይሠራበት ቦታ

አጠቃላይ ምግቡ ካነሰ ፕሮቲን መቁጠር ዋጋ የለውም። ሰውነት የጎደለውን ጉልበት ለመሙላት ፕሮቲኑን ያነድደዋል። እንጀራውን ቀንሶ እንቁላል መጨመር ብዙ አያስኬድም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የክንድሽን ዙሪያ ትለካለች። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ምግቡ በጠቅላላ እያነሰሽ ነው፤ ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም መኖሩን ጠይቂያት።

በሱቅ የሚሸጥ የፕሮቲን ዱቄት ይሻላል ወይ ብለሽ ከሆነ፣ አይሻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮቲን የበዛበት ማሟያ ለእርጉዝ አይመክርም። ምግቧ ለሚያንሳት እናት የሚመክረው ፕሮቲንና ጉልበት የተመጣጠነበትን ነው።

የመጨረሻው ብዙ የሚምታታ ነገር ነው። ክትትል ላይ «ሽንትሽ ውስጥ ፕሮቲን ታየ» ከተባልሽ፣ እንቁላልና ሽሮ አብዝተሻል ማለት አይደለም። ምግብ ላይ ያለ ፕሮቲን እንዲህ ወደ ሽንት አይወርድም። ኩላሊት ማጣራቱን ስለቸገረው ነው። በተለይ ከደም ግፊት ጋር ከመጣ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ አደገኛ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ያኔ ምግብ መቀነስ አይረዳም። ፊትና እጅ ካበጠ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ካለ፣ ዓይን ከተጭበረበረ ወይም ከጎድን ሥር ሕመም ከተሰማ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። እብጠቱንም «ምግብ አንሷት ነው» ብሎ ቤት አስተኝቶ መመገብ አይገባም።